ሐዋሳ፦ ገጹ «Returned» ይላል፣ ብሬ ግን አልመጣም። ዕቃው ሲደርስ የከፈልኩት ብር መቼ ነው የሚመለሰው?

ማህሌት ዘአቶቴ · ቅዳሜ ጠዋት

ሰላም ሐዋሳዎች። ከአንድ የአዲስ አበባ ሱቅ በኢንተርኔት ብሌንደር አዝዤ ነበር። ክፍያው ዕቃው ሲደርስ ነው። ሞተረኛው አቶቴ ድረስ አመጣልኝ። 6,400 ለዕቃው፣ 350 ለማድረሻ፣ በድምሩ 6,750 ብር በጥሬው ቆጥሬ ሰጠሁት። ማታ ስሰካው ሞተሩ ይጮኻል፣ ምላጩ ግን አይዞርም። በማግስቱ ደወልኩ። «ችግር የለም፣ ይመለሳል፣ ሪፈንድ ይደረግልዎታል» አሉኝ። ያው ሞተረኛ መጥቶ ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ ዝም ነው። አፑ ላይ ትዕዛዜን ስከፍት «Returned» ይላል። የመከታተያ ቁጥሩ ግን አሁንም «Delivered» ላይ ቆሟል። ስደውል «በሂደት ላይ ነው፣ ይጠብቁ» ይላሉ። ሁለት ነገር ነው ግራ የገባኝ። ዕቃው አሁን የት እንዳለ በምን አውቃለሁ? ብሩስ በምን በኩል ነው የሚመጣው? የባንክ ሒሳብ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ቢኒ ሞቢል · ቅዳሜ ጠዋት

አትጨነቂ፣ ኖርማል ነው። ሪፈንድ ከ7 እስከ 14 የሥራ ቀን ይፈጃል። የሚያዘገየው ባንኩ ነው። ሱቁ ይለቃል፣ ባንኩ ይይዘዋል። ባንክሽ ሄደሽ ጠይቂ።

ማህሌት ዘአቶቴ · ቅዳሜ ጠዋት

የትኛው ባንክ ቢኒ? ብሩን እኮ ለሞተረኛው በእጁ ነው የሰጠሁት።

ቢኒ ሞቢል · ቅዳሜ ጠዋት

ሃሃ እሱስ ልክ ነሽ። እኔ ከውጭ በካርድ የገዛሁት ሲመለስልኝ እንደዚያ ነበር። ግን ቀኑ ያው ይመስለኛል።

የጭነት ልጅ · ቅዳሜ ከሰዓት

ማህሌት፣ እኔ እዚሁ ሐዋሳ በአንድ ዕቃ አድራሽ ድርጅት ቅርንጫፍ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። አሁን ወጥቻለሁ፣ ስለዚህ እንደ ልቤ ላውራ።

ቢኒ ያለው የ14 ቀን ነገር ለካርድ ነው። በካርድ ስትከፍይ ብሩ የሄደበት መንገድ ተመዝግቧል። ሲመለስም በዚያው ነው የሚመለሰው፣ መዘግየቱም በባንኮቹ መካከል ነው። በጥሬ ብር ስትከፍይ ግን ወደ አንቺ የሚመለስበት መንገድ የለም። አንድ የፋይናንስ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ፣ ስምሽንና ሒሳብሽን ይዞ፣ እንደ አዲስ ክፍያ ሊከፍልሽ ይገባል። ስለዚህ እስካሁን ሒሳብ ካልጠየቁሽ ወይ ሪፈንዱ ገና አልተጀመረም፣ ወይ ትዕዛዙ ላይ ባለው ስልክ በቴሌብር ሊልኩልሽ አስበዋል። የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሪ።

አሁን ብርሽ የት ነው ያለው? ሞተረኛው ማታ ሲገባ የቀኑን ገቢ ለቅርንጫፉ ያስረክባል። ቅርንጫፉ በማግስቱ ባንክ ያስገባል። ዋናው ቢሮ ከትዕዛዝ ዝርዝሩ ጋር ያመሳክርና የራሱን ክፍያ ቀንሶ ቀሪውን ለሱቁ ይልካል። እኔ በነበርኩበት ቤት ለሱቆች የሚከፈለው በሳምንት አንዴ ነበር። ይሄ ለአንቺ ምን ያደርግልሻል? ብዙ ያደርጋል። ዕቃው የተመለሰው ብሩ ለሱቁ ከመከፈሉ በፊት ከሆነ፣ ብርሽ አድራሹ እጅ ላይ ነው ያለው። ከተከፈለ በኋላ ከሆነ ደግሞ መላሹ ሱቁ ነው። ደንበኛውን «ሱቁን ጠይቂ፣ አድራሹን ጠይቂ» እያሉ የሚያመላልሱት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ስትደውይ «ሪፈንዴ የት ደረሰ?» አትበይ። «የዚህ ትዕዛዝ ገንዘብ ለሱቁ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?» በያቸው። ለዚህ ጥያቄ «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ አይሆንም።

ወደ መከታተያው ስመጣ፣ የያዝሽው ቁጥር የመምጫው ነው። እሱ ሥራውን ጨርሷል፣ ከአሁን በኋላ «Delivered» ከማለት ሌላ አይናገርም። መመለሻው ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አዲስ ቁጥር ይወጣለታል። ካልጠየቅሽ ግን ማንም አይሰጥሽም። «የመመለሻውን ቁጥር ላኩልኝ» በያቸው።

አፑ ላይ ያለው «Returned» ደግሞ አያታልልሽ። እኛ ጋ ሞተረኛው ዕቃውን ከደንበኛ ተቀብሎ ስልኩን ሲነካ ነበር ያ ቃል የሚመጣው። ሱቁ እጅ ገባ ማለት አይደለም። ሱቁ ደግሞ የሪፈንዱን ቀን መቁጠር የሚጀምረው ዕቃው እጁ ሲገባ ነው። አንቺ ከሰጠሽበት ቀን ትቆጥሪያለሽ፣ እነሱ ከተቀበሉበት ቀን ይቆጥራሉ። ጸቡ ሁሉ በዚህ መሀል ነው።

ሞተረኛው ሲወስድ ወረቀት ሰጠሽ?

ማህሌት ዘአቶቴ · ቅዳሜ ከሰዓት

ወረቀት የለም። ግን ካርቶኑን ከማስረከቤ በፊት ፎቶ አንስቼዋለሁ። የታችኛው ክፍል ላይ የተለጠፈው መለያ ቁጥርም በፎቶው ይታያል። ምላጩ አለመዞሩን የሚያሳይ ቪዲዮም አለኝ። ደረሰኙም እኔ ጋ ነው።

የጭነት ልጅ · ቅዳሜ ከሰዓት

ጎበዝ። የመለያ ቁጥሩ ፎቶ ከወረቀት አይተናነስም። ሱቁ «የተመለሰው የኛ ዕቃ አይደለም» ቢል እሱን ታሳያለሽ። ለጊዜው አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ላኪላቸው። የትዕዛዝ ቁጥር፣ ሞተረኛው የወሰደበት ቀን፣ ፎቶው። በስልክ የተባለ ነገር ነገ የለም።

ጋሽ መንግሥቱ · ቅዳሜ ማታ

ልጄ፣ ፖስታ ቤት ሂጂና ጠይቂ። ፒያሳ ያለው። እኔ ልጄ ከውጭ የላከችልኝ መድኃኒት ጠፍቶ በቁጥሩ ነው ያገኙልኝ። ቁጥሩ መጨረሻው ላይ የሁለት ፊደል የአገር ምልክት አለው። እሱን ካልያዝሽ አይሰሙሽም።

የጭነት ልጅ · ቅዳሜ ማታ

ጋሼ፣ የርስዎ ልክ ነው፣ ግን የማህሌት ዕቃ በፖስታ አልመጣም። በግል ዕቃ አድራሽ ነው የመጣላት። በፖስታ ለሚልኩ ሱቆች ግን የርስዎ ነገር ይጠቅማል። የፖስታው ቁጥር ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ መጨረሻው ላይ የላኪው አገር ሁለት ፊደል ነው፤ ከኛ የተላከ ከሆነ ET። ተቀባዩ አልወስድም ብሎ ወደ ላኪ ሲመለስም በዚያው ቁጥር ነው የሚታየው። የግል አድራሾቹ ናቸው አዲስ ቁጥር የሚሰጡት።

ጋሽ መንግሥቱ · ቅዳሜ ማታ

እንግዲያው ይቅርታ። ብሌንደሩ ጥፋቱ ምን ነበር? ምላጩን ተጭነሽ ሞክረሻል? የኔ ባለቤት እንዲሁ ስትል ክዳኑ ሳይገጥም ቀርቶ ነበር።

ማህሌት ዘአቶቴ · ቅዳሜ ማታ

ሞክሬያለሁ ጋሼ። ሞተረኛውም ራሱ አይቶታል።

ሱቅ በደረቴ · እሑድ ጠዋት

እኔ ከሻጭ ወገን ልናገር። መርካቶ ነኝ፣ በቴሌግራም እሸጣለሁ፣ ወደ ሐዋሳም እልካለሁ። ሁሉም ሰው ሱቁን ሌባ ያደርገዋል። አንድ ዕቃ ሲመለስብኝ የመምጫውንም የመመለሻውንም የማድረሻ ዋጋ አድራሹ ከኔ ላይ ነው የሚቆርጠው። ደንበኛው በር ላይ «አልወሰድኩም» ካለ ደግሞ ምንም ሳልሸጥ ከፍያለሁ። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን አሁን የማድረሻውን ቀድማችሁ ክፈሉ የምንለው።

ሪፈንድ ሳላይ አልከፍልም። የተመለሰ ዕቃ ሲደርሰኝ እከፍተዋለሁ፣ እሰካዋለሁ፣ ጭማቂ ተሠርቶበት እንደሆነ አያለሁ። ስንቱ የልደት ቀን ተጠቅሞበት «አይሠራም» ብሎ ይመልሳል። ጎማው ሥር የማንጎ ቃጫ አግኝቼ አውቃለሁ።

ሌላው ደረሰኝ ነው። እኔ የቆረጥኩት በሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ነው። ማሽኑ ላይ የወጣ ሽያጭ ዝም ብሎ አይሰረዝም። ተመላሽ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዋናው ደረሰኝም ከዚያ ጋር መያያዝ አለበት። ያለዚያ ግብሩን ባልሸጥኩት ዕቃ ላይ ልከፍል ነው። እና ደንበኛው «ደረሰኙን ጥዬዋለሁ» ሲለኝ ነገሩ ይጎተታል። ክፋት አይደለም።

የጭነት ልጅ · እሑድ ጠዋት

የደረሰኙ ነገር ትክክል ነው። ማህሌት፣ ደረሰኙን ሲጠይቁሽ ስጪ፣ ግን መጀመሪያ ቀንና የደረሰኝ ቁጥሩ በሚነበብበት ሁኔታ ፎቶ አንሺው። ዋናው ከእጅሽ ከወጣ በኋላ መግዛትሽን የሚያሳየው ፎቶው ብቻ ነው።

ሱቅ በደረቴ፣ አንድ ነገር ግን ልበልህ። ማየትህ መብትህ ነው። ዕቃው ደርሶህ መደርደሪያ ላይ ሳትከፍተው ሲያድር ግን የዘገየው በአንተ ነው። እኛ ጋ ብዙ ሱቆች እንዲያ ያደርጉ ነበር። ደንበኛው ሲጮህ ነው የሚከፍቱት።

ሱቅ በደረቴ · እሑድ ጠዋት

ሠራተኛ የለኝም ወንድሜ። ብቻዬን ነኝ።

ኪያ · እሑድ ከሰዓት

እኔም ደርሶብኛል። ጫማ መልሼ ነበር፣ ገጹ «Refund Processed» ብሎ ተቀመጠ። ቴሌብሬን አያለሁ፣ የለም። ባንኬን አያለሁ፣ የለም። ለካ ያዘዝኩት በወንድሜ ስልክ ነበር፣ ብሩም እሱ ቴሌብር ገብቷል። ወንድሜ ደግሞ የሆነ ሰው የከፈለው መስሎት ነዳጅ ቀድቶበታል። እና ማህሌት፣ ያዘዝሽበት ስልክ የራስሽ ነው?

ማህሌት ዘአቶቴ · እሑድ ከሰዓት

ስልኩ የኔ ነው። ስሙ ግን «ማሂ» ብቻ ነው የተመዘገበው። ችግር ይሆን?

የጭነት ልጅ · እሑድ ከሰዓት

ለዕቃ ማድረስ ችግር የለውም። ለክፍያ ግን ሊሆን ይችላል። ፋይናንሱ ትዕዛዙ ላይ ያለውን ስም ከሒሳቡ ስም ጋር ያስተያያል። «ማሂ» ለሚባል ሰው ወደ ማህሌት እገሌ ሒሳብ አልከፍልም ሊል ይችላል። ቀድመሽ ሙሉ ስምሽን በጽሑፍ አሳውቂያቸው።

የኪያ ነገር ሌላም ያስተምራል። «Refund Processed» ማለት ፋይናንሱ የክፍያ ትዕዛዝ አውጥቷል ማለት ነው። ብር ገባ ማለት አይደለም። መግባቱን የሚያሳየው የግብይት ቁጥሩ ነው። ያንን ከላኩልሽ የሚከራከር የለም። በቴሌብር ከሆነ ከ127 የጽሑፍ መልእክት ይመጣል፣ የግብይት ቁጥሩም እዚያው አለ። ከንግድ ባንክ ከተላከ ማጣቀሻ ቁጥሩ በFT ይጀምራል። ቁጥሩ ካለና ብሩ ከሌለ በ127 ወይም ወደ ንግድ ባንክ በ951 ደውለሽ ቁጥሩን ታነቢላቸዋለሽ። ቁጥሩን ሳይሰጡሽ «ከፍለናል» ካሉ ግን አልከፈሉም በይና አስቢ።

ሄኖክ ታቦር · እሑድ ማታ

በዚሁ አጋጣሚ፣ «ሪፈንድዎን ልናስገባልዎት ነው፣ የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩን» ብሎ የሚደውል አለ። ጎረቤቴን ሊበሏት ነበር። ብር ሊልክልህ ያለ ሰው የሚስጥር ቁጥርህን ምን ያደርግለታል? የሚያስፈልገው የሒሳብ ቁጥርና ስም ብቻ ነው።

ማህሌት ዘአቶቴ · ሰኞ ከሰዓት

ደርሼበታለሁ! የጭነት ልጅ እንዳልከው የመመለሻውን ቁጥር ስጠይቅ ልጅቷ ትንሽ ዝም አለችና «አንድ ደቂቃ» ብላ ላከችልኝ። ቁጥሩን ሳስገባው የመጨረሻው መስመር የሐዋሳ ቅርንጫፍ ይላል። ዕቃው ከተማው ውስጥ ነው ያለው! አዲስ አበባ ገብቶ እየተመረመረ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ቅርንጫፉ ድረስ ሄድኩ። ጥግ ላይ የተመላሽ ዕቃ ማዳበሪያ ውስጥ ተቀምጧል። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው። «ተመላሾችን አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የምንጭናቸው» አለኝ።

የጭነት ልጅ · ሰኞ ከሰዓት

እሱን ነው የጠረጠርኩት፣ ግን ሳላይ መናገር አልፈለግኩም። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በየቀኑ መኪና ይገባል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዕቃ ሲደርስ ብር ይሰበሰብበታል። ወደ ላይ የሚመለሰው ላይ የሚሰበሰብ ብር የለም። ስለዚህ ማዳበሪያው እስኪሞላ ይቀመጣል። 275 ኪሎ ሜትር እኮ ነው፣ በአንድ ቀን ይገባል። የሚዘገየው መንገድ ላይ አይደለም፣ ከመጫኑ በፊት ነው።

መቼ ይጫናል አሉ?

ማህሌት ዘአቶቴ · ሰኞ ከሰዓት

ነገ ሌሊት። የዕቃዬን ቁጥር በጭነት ዝርዝሩ ላይ ጽፈው አሳዩኝ። ለሱቁ ገንዘቡ መከፈሉንም ጠየቅኩ። ባለፈው ሐሙስ ተከፍሏል።

የጭነት ልጅ · ሰኞ ማታ

እንግዲያው መላሹ ሱቁ ነው። አድራሹ የሚቀረው ዕቃውን ማድረስ ብቻ ነው። ካሁን በኋላ ለአድራሹ እየደወልሽ አትድከሚ። ዕቃው ሲደርስ ለሱቁ «በዚህ ቁጥር ደርሷችኋል» ብለሽ ጻፊ። ሙሉ ስምሽን፣ የሒሳብ ቁጥርሽንና የደረሰኙን ፎቶ አብረሽ ላኪ።

ቢኒ ሞቢል · ሰኞ ማታ

ሕጉን እኮ ማንም አላነሳም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ 813/2006። ጉድለት ያለበት ዕቃ ከገዛሽ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይ ብሬ ይመለስ ማለት ትችያለሽ። እና በ15 ቀን ውስጥ ብርሽን ካልመለሱ ክሰሻቸው።

የጭነት ልጅ · ሰኞ ማታ

አዋጁ አለ፣ ግን ቢኒ ገልብጠኸዋል። 15 ቀኑ ደንበኛው ጥያቄውን የሚያቀርብበት ነው እንጂ ሱቁ ብሩን የሚከፍልበት አይደለም። ለማህሌት የሚጠቅመው፣ በማግስቱ መጠየቋ በቀኑ ውስጥ መሆኑ ነው። የደወለችበት ቀን ስልኳ ላይ አለ። ቅሬታ ካስፈለጋት ወደ ንግድ ቢሮ መሄድ ትችላለች፣ ደረሰኟን ይዛ።

ማህሌት ዘአቶቴ · ሐሙስ ማታ

የዛሬው ሁኔታ። የመመለሻ ቁጥሩ ላይ አዲስ አበባ ደርሶ ለላኪው ተሰጥቷል ይላል። አፑ ላይም «Return Received» የሚል መጣ። ሱቁ «ቴክኒሽያን ያየዋል» አለ። ፋይናንስ የሚከፍለው ማክሰኞና ዓርብ ነው፣ ዝርዝሩ የሚዘጋው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ስለዚህ ነገ አይደርሰኝም ማለት ነው?

ሱቅ በደረቴ · ሐሙስ ማታ

አይደርስሽም። የዛሬው ዝርዝር ተዘግቷል። ቴክኒሽያኑ ነገ ካየው ሰኞ ዝርዝር ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ማክሰኞ ይከፈላል። እኔ ብሆን ነገ ጠዋት ደውዬ «አይታችሁታል ወይ?» እል ነበር። ሰኞ ጠዋት ደግሞ «ዝርዝሩ ውስጥ ገብቻለሁ?» ብዬ። ከዚያ ውጪ መደወል ማንንም አያፋጥንም።

ኪያ · ሐሙስ ማታ

ለምን በየቀኑ አይከፍሉም ግን? እኛ ስንገዛ በየቀኑ ይቀበላሉ።

ሱቅ በደረቴ · ሐሙስ ማታ

ሁለት ሰው መፈረም አለበት። አንዱ ያዘጋጃል፣ ሌላው ያጸድቃል። ትልቅ ሱቅ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ይፈርማል። ለእያንዳንዱ 6,400 ብር ባለቤቱን ማስጠራት አይቻልም።

ማህሌት ዘአቶቴ · ማክሰኞ ማታ

«Refund Processed» ይላል። ብር የለም። 10 ሰዓት ላይ ደወልኩ፣ የግብይት ቁጥር ጠየቅኩ። ልጅቷ ፈልጋ አጣችው። በኋላ መልሳ ደወለች፦ ፋይናንስ አግዶታል። ምክንያቱ ስሙ! ትዕዛዙ ላይ «ማሂ»፣ ሒሳቡ ላይ ሙሉ ስሜ። ሙሉ ስሜን የጻፍኩበት መልእክት ደንበኛ አገልግሎት ጋ ቀርቷል፣ ፋይናንስ አልደረሰም። የመታወቂያ ፎቶ ላክሁ።

የጭነት ልጅ · ማክሰኞ ማታ

መታወቂያውን ስትልኪ ፎቶው ላይ «ለዚህ ትዕዛዝ ሪፈንድ ብቻ» ብለሽ ብትጽፊበት ጥሩ ነው። ከላክሽው በኋላ ከሆነም ግድ የለም።

አሁን አንድ ነገር ጠይቂ። ዓርብ ዝርዝር ነው ወይስ ዛሬ የታገደው ራሱ ይለቀቃል? የታገደ ክፍያ እንደ አዲስ መጠየቅ የለበትም፣ ማጽደቅ ብቻ ነው የሚቀረው። ብዙ ጊዜ ግን ካልተጠየቀ ወደሚቀጥለው ዝርዝር ይገፉታል።

ማህሌት ዘአቶቴ · ረቡዕ ከሰዓት

ገባ! ጠየቅኩ፣ የታገደውን ለቀቁት። በFT የሚጀምር ቁጥር ልከውልኝ ወዲያው የባንኩ መልእክት መጣ። 6,400።

350 ብሯ ግን የለችም። «የማድረሻ አገልግሎቱ ተሰጥቷል፣ አይመለስም» አሉ።

ቢኒ ሞቢል · ረቡዕ ከሰዓት

እንኳን ደስ አለሽ! 350 ተያቸው ባክሽ።

ኪያ · ረቡዕ ከሰዓት

ለምን ትተዋቸዋለች? የማይሠራ ዕቃ የላኩት እነሱ። እሷ ሐሳቧን ቀይራ አይደለም የመለሰችው።

ሱቅ በደረቴ · ረቡዕ ማታ

እዚህ ላይ ራሴን ልቃወም። እኔ ደንበኛው ቀለሙን አልወደድኩትም ብሎ ከመለሰ የማድረሻውን አልመልስም። ዕቃው ተበላሽቶ ከተገኘ ግን እመልሳለሁ፣ ምክንያቱም ችግሩ የኔ ወይም የአስመጪው ነው። ሁሉም ሱቅ ግን እንዲህ አያደርግም። ገጻቸው ላይ የመመለሻ ደንብ ካለ አንብቢው፣ የማድረሻ ዋጋ ሲባል ለየትኛው ምክንያት እንደሆነ ይለያል።

የጭነት ልጅ · ረቡዕ ማታ

እኔ በዚህ አልስማማም። አድራሹ አመጣ፣ ሥራውን ሠራ፣ ተከፈለው። 350ው የሄደው ለአድራሹ ነው። ሱቁ ከኪሱ ካልሰጠ በቀር የሚመለስበት ቦታ የለም። ሱቁ ከፈለገ አስመጪውን ያስከፍል። ግን ማህሌት እንድትጠይቅ እመክራለሁ፣ የቴክኒሽያኑን ውጤት በጽሑፍ ላኩልኝ ብላ። «ጉድለቱ ከፋብሪካ ነው» የሚል ወረቀት ካለ ክርክሩ ይቀላል።

ሱቅ በደረቴ · ረቡዕ ማታ

ሱቁ ከኪሱ መስጠት አለበት እኮ ነው የምልህ። ተመሳሳይ ነገር ነው የምንለው፣ አንተ ብቻ አትስማማም።

ጋሽ መንግሥቱ · ሐሙስ ጠዋት

ልጄ፣ ብሌንደሩ ሌላ ገዛሽ ወይ? ፒያሳ አንድ ሱቅ አለ፣ እዚያው ሰክተው አሳይተው ነው የሚሸጡት።

ማህሌት ዘአቶቴ · ሐሙስ ከሰዓት

ገና ነኝ ጋሼ፣ ሱቁን አሳዩኝ እሺ። የቴክኒሽያኑን ወረቀት ጠየቅኩ። «ሞተሩን ከምላጩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ተሰብሮ ነው የመጣው» ይላል፣ ፊርማ ግን የለውም። 350ውን በዚያ ጠየቅኩ። «ለሥራ አስኪያጁ አስተላልፈናል» ብለዋል።

ሱቅ በደረቴ · ሐሙስ ከሰዓት

ፊርማና ማኅተም ጠይቂ። ያለዚያ ሥራ አስኪያጁ «ማን ጻፈው?» ይላል።